ቢቸና የቀረችው ሴት ሂሳብ

ወይንእሸት ሰማውን ቢቸና ውስጥ የማያውቃት ሐዘንተኛ የለም። ሠርገኛም ያውቃታል፤ ሠርገኛ ግን ቶሎ ይረሳል። ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት ታከራያለች። ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚደወለው ለእሷ ነው፤ አንዳንዴማ ከቄሱም ይቀድማል። የስልክ ቁጥሯ በየወንበሩ ጀርባ በቀይ ቀለም ስለተጻፈ፣ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ያልተደገፈበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው የኔሰው ነኝ። ድንኳኗ ሲቀደድ የምጠቅመው፣ ቀሚሷንም የምሰፋው እኔ ነኝ። የግራ ትከሻዋ ከቀኙ በአንድ ጣት ያህል ዝቅ ስለሚል ከውስጥ ትንሽ ጨርቅ አደርግላታለሁ። ይህን ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በጋኔንና በጥላ የማምን ሰው አይደለሁም፤ እኔ የማምነው በመርፌ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ቀጥሎ ያለውን ስትሰሙ ሞኝ ነው እንዳትሉኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዐቢይ ጾም ነው። የወይንእሸት ስልክ አስቀድሞ ካርድ የሚሞላበት አይደለም፤ ተናግራ በወሩ መጨረሻ የምትከፍልበት መስመር ነው። «ሰው ሞቶ ሲደወልልኝ ካርድ አለቀ አይባልም» ብላ ነው ያስገባችው። በጥር የሠርግ ወራት ሂሳቡ ከፍ ሲል አልገረማትም። ጾም ሲገባ ሠርግ ቆመ፣ ስልኩም ዝም አለ፤ ሂሳቡ ግን አልወረደም። ዝርዝሩን አስወጥታ ለእኔ አስነበበችኝ። ከጥሪው በታች አንድ መስመር ነበረ፤ «ወርሃዊ የዳታ አገልግሎት» ይላል። ካለፈው መስከረም ጀምሮ በየወሩ ያው ሂሳብ ተጨምሯል።

«ዳታ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ኢንተርኔት ነው።»

ስልኳን ከጡቷ ሥር አውጥታ አሳየችኝ። ቁልፉ ያለቀ፣ በላስቲክ የታሰረ፣ ከመደወልና ከመብራት በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ስልክ ነው። «ይኼ?» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ያን ያህል ስንስቅ ያ የመጨረሻችን መሆኑን አላወቅንም።

የስልክ ድርጅቱ ቢሮ ስንገባ የተቀበለችን ሀይማኖት የምትባል ልጅ ናት፤ ትሑትና ሥራዋን የምትወድ። ወይንእሸት ስልኩን ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

«ልጄ፣ ይህ ስልክ ኢንተርኔት የሚያስገባ ከሆነ እኔም ጳጳስ ነኝ። ክፍያው ስሕተት ነው። አንሱልኝ፤ የወሰዳችሁትንም መልሱልኝ።»

ሀይማኖት ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈችና ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «እትዬ ወይንእሸት፣ ክፍያው በዚህ ስልክ ላይ አይደለም። በእርስዎ የደንበኛ ሂሳብ ሥር ሁለተኛ መስመር አለ። ኮምፒዩተር ላይ የምትሰካ የኢንተርኔት ዶንግል ናት። የወር ክፍያዋ ከእርስዎ ስልክ ጋር አንድ ላይ ይመጣል።»

«እኔ ኮምፒዩተር አለኝ?»

«ያወጧት ሞጣ ነው።»

ወይንእሸት ስልኩን መልሳ ያዘች። እኔም ገረመኝ፤ ምክንያቱም ሞጣ የሚለውን ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። አውቶቡሱ በደብረ ወርቅ አድርጎ በየቀኑ ይሄዳል፤ እሷ ግን ወደዚያ ድንኳን እንኳ አትልክም። «ሞጣ እግሬ ረግጦ አያውቅም» አለች በመጨረሻ። «አባቴ የቀረበት አገር ነው።»

ሀይማኖት ከሞጣ የውሉን ቅጂ እንደምታስልክ ነገረችን፤ ተመልሰን እንድንመጣም ቀጠረችን። ስንመለስ ወረቀቱ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፤ ወይንእሸትን አየች፤ ደግማ ወረቀቱን አየች። ከዚያ እያፈረች ወደ እኛ አዞረችው። «እርስዎ ነዎት እኮ» አለች።

ሙሉ ስሙ ወይንእሸት ሰማው ከፋለ ይላል። ከሥሩ የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ አለ። ፎቶው በኮፒ ጠቁሯል፤ ቢሆንም ግንባሩ፣ የዓይኗ አቀማመጥና የከንፈሯ ጠርዝ ሁሉ የእሷ ነው። የእኔ ዓይን ግን የሄደው ወደ ትከሻው ነው። የግራው ከቀኙ በአንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። እዚያ ትከሻ ላይ ጨርቅ የጨመረ ሌላ ልብስ ሰፊ አልነበረም።

«እንግዲህ ረስተውት ይሆን?» አለች ሀይማኖት በቀስታ።

ሰው ራሱን እንዴት ይረሳል ብዬ ልቆጣ ነበር። የወይንእሸትን ፊት ሳይ ግን ተውኩት። ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ «ይህን ነጠላ አላውቀውም» ትላለች። ፊቱን አላውቀውም አላለችም።

በኋላ ግን ነቃች፤ ወይንእሸት ለረጅም ጊዜ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም። ክርክሯን እንደ ድንኳን ካስማ አንድ በአንድ ተከለችው። «ፊርማውን እይ፤ እኔ ስሜን ሙሉ ነው የምጽፈው፣ ይኼኛዋ ትሞነጭራለች። መታወቂያውን እይ፤ ቀበሌው የሞጣ ነው፣ የእኔ የቢቸና ነው፣ ቁጥሩም ሌላ ነው። ዕድሜውንም እይ፤ እኔን ልጅ አድርገሽኛል፤ ደስ ይለኛል ግን እኔ አይደለሁም። ውሉ የመስቀል ማግስት ተፈርሟል ይላል። የመስቀል ማግስት የግራዝማች ገብረ ክርስቶስ ቀብር ነበር፤ ድንኳኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ አገር ምስክሬ ነው። ስም ተመሳስሏል። ሰው ግን ሌላ ነው።»

ሀይማኖት ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ ለማባበል «ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆምልዎት ላድርግ፤ ያለፈው ግን አገልግሎቱ ጥቅም ላይ ውሏልና ይቅር» አለች።

«አይቅርም። ያለፈውን ከከፈልኩ እስከ ዛሬ እሷ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ያላደረግሁትን በግማሽ አደረግሁ አልልም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ፣ ሙሉ በሙሉ ነው የምትመልሱልኝ።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። አሠራሩን አስረዳችን፤ ዶንግሏን የያዘችው ሴት የእኔ ናት ብላ ሞጣ ቢሮ መፈረም አለባት፤ መስመሩ በራሷ ስም ወደሚከፈት ሂሳብ ይዞራል፤ ያኔ በወይንእሸት ላይ የተቆጠረው ሁሉ ይሰረዝና የከፈለችው ይመለሳል። በደብዳቤ እንጠይቅ ከተባለ ይዘገያል፤ ወይንእሸት ደግሞ ያንን ወር አልከፍልም ብላለች፤ ካልተከፈለ ቁጥሯ ይዘጋል። ቁጥሯ ከተዘጋ ድንኳኗም ተዘጋ ማለት ነው። «ማመልከቻዎን ይዘው ራስዎ ቢሄዱ ይሻላል» አለች።

ወይንእሸት ወጥታ ሱቄ በረንዳ ላይ ብዙ ቆየች። «ጋሼ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለችኝ። «ለብቻዬ ከሄድኩ የምመለሰው እኔ ልሁን እሷ ትሁን በምን ታውቃለህ?» ቀልዳ ነው፤ ድምጿ ግን አልቀለደም።

ፋሲካ አለፈና የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት ሄድን። መንገዱን በመስኮት እያየች ሄደች። ከጉንደወይን ካለፍን በኋላ ግን ስለ እናቷ አነሣች። እናቷ እማሆይ አየሁሽ የቅኔ መምህር ልጅ ነበሩ፤ አንድ ቃል ሁለት ቤት ሲያከራዩ የሚውሉ ሴት። ከባላቸው ተጣልተው ወይንእሸትን በጀርባቸው አዝለው ወደ አባታቸው ወደ ቢቸና መጡ። ልጅቷ አድጋ አባቴስ ብላ ስትጠይቅ «አባትሽ ሞጣ ቀረ» አሏት። ሁለተኛ አልጠየቀችም። ሰው ዘምቶ ቀረ፣ በንዳድ ቀረ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም።

ሞጣ መናኸሪያ ወርደን ጥቂት እንደተራመድን፣ ቅመም የምትሸጥ ዑሙሰልማ የምትባል ሴት ከሱቋ በር ላይ ሆና ጠራቻት።

«ወይንእሸት! አንቺ፣ ነጠላሽን መቼ ቀየርሽ? አሁን በዚህ አላለፍሽም እንዴ?»

ወይንእሸት ቆመች። ሴትዮዋ ቀረብ ብላ አየቻትና ፈገግታዋ እየጠፋ ሄደ። «ደግሞ በአንድ ጊዜ ጠቆርሽሳ፤ አመመሽ?» አለች። ከዚያ እጇን ይዛ ለቀቀችው። «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ሱቋ ተመለሰች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆናም ታየን ነበር። መንገዱን ሁሉ ሰው አንገቱን እየሰበረ እጅ ይነሣታል። ወይንእሸት ለማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ አጸፋውን እየሰጠች የኮቴን ጫፍ ይዛ ሄደች። እኔ በመርፌ ነው የማምነው ብያለሁ፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን ሁለት ጊዜ አማተብኩ።

የሠራተኞች በዓል ስለነበረ ስልክ ቢሮው ያገኘነው ተረኛውን ብቻ ነው፤ ኃይለ ሚካኤል ይባላል። ቀና ሳይል «ወይንእሸት፣ ዛሬ ዝክራችሁ አይደለም እንዴ? ምን አመጣሽ?» አለ። ቀና ሲል እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ።

ማመልከቻውን አነበበ፤ ሁለቱን መታወቂያ አመሳከረ። ሰው ነውና ጥፋቱን አልደበቀም። ደንበኛዋ ዶንግል ልታወጣ ስትመጣ ስሟን እስከ አያቷ ሲጽፍ ኮምፒዩተሩ «ይህች ደንበኛ አለች» ብሎ አወጣለት። አዲስ ሂሳብ ከመክፈት ባለው ላይ አንጠለጠላት። «ሦስት ስም ተገጣጥሞ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም» አለ። «ትክክል ነዎት። ሙሉ በሙሉ የሚመለስ ነው። ግን እሷ መጥታ ካልፈረመች መስመሩን ማዞር አልችልም፤ መስመሩ ካልዞረ ደግሞ ሂሳቡን መሰረዝ አልችልም። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያላት፤ ዛሬ ዘግታለች። ቤታቸው ከጊዮርጊስ በታች ነው፤ የአቶ ሰማው ቤት ብላችሁ ጠይቁ።»

«የማን ቤት?» አለች ወይንእሸት።

«የአባቷ። የአቶ ሰማው።»

በሕይወት አሉ ወይ ብላ አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅሁላትም። መጠየቅ የሚያስፈራ ነገር አለ።

ግቢው በር ላይ ቡችላ የማይባል ትልቅ ውሻ ነበረ። እኔን ሊቦጫጭቀኝ ጮኸ፤ ለእሷ ጅራቱን ቆላና ጉልበቷን አሽትቶ መንገድ ለቀቀ። ውስጥ ጥቂት ነዳያንና የቆሎ ተማሪዎች፣ አንድ ቄስና ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት መጥታ ፊታችንን እንኳ በደንብ ሳታይ ዳቦ አስያዘችን። በአገራችን ዝክር ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ጉዳዩን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ወይንእሸት ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች።

ቄሱ ተነሡና «የወለተ ኢየሱስን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» አሉ። ሰዉ አሜን አለ።

ወይንእሸት አላኘከችም፤ አልዋጠችምም። ዓይኗ ፈጠጠ። ጆሮዬን ወደ እሷ ሳስጠጋ በተዘጋ አፍ «የክርስትና ስሜ ነው» አለችኝ። እኔ ጎረቤቷ እስከዚያች ቀን የክርስትና ስሟን አላውቀውም ነበር። የሚያውቁት እናቷና የንስሐ አባቷ ብቻ ነበሩ። በዚያ ግቢ ያለው ሕዝብ ግን ያውቀዋል፤ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል፤ የሙት ስም ነው።

በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት ጋን ቤት ከሚመስለው ጓዳ ማሰሮ ይዛ ወጣች። የምመሰክረው ያየሁትን ብቻ ነው። የግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ፣ ፊቷ የኛዋ ፊት፣ አረማመዷ የኛዋ አረማመድ ነው፤ ብቻ ጥቂት ዓመት ተቀንሶላታል። ሁለቱ ተያዩ። ማሰሮው አልወደቀም፤ ሴትዮዋ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። ድምፅ እንዳታሰማ የፈራች ትመስል ነበር። ነዳያኑ ዳቧቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ አንዷ አሮጊት ጎንበስ ብላ አፈር ነካች።

«ማን ነው የመጣው?» አለ ከመደቡ ላይ አንድ ድምፅ። ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ናቸው።

የሞጣዋ ወይንእሸት ሦስት ጊዜ አማተበች። «አባባ፣ ወይንእሸት መጣች» አለች።

«ወይንእሸትማ አንቺ ነሽ።»

«የመጀመሪያዋ፣ አባባ።»

ከዚያ የሆነውን በየተራ ለመናገር ያስቸግራል፤ ጩኸትም ልቅሶም ነበረበት። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው የኛዋን ግንባር ነኩ፤ ሙቀት እንዳለው ለማየት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሽማግሌው አስጠግተው ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ከንፈሯን፤ ከዚያ ትከሻዋን። ግራውን ሲነኩ እጃቸው ቆመ። የራሳቸውን ነኩ። እሳቸውም በግራ ጎብጠዋል።

«የማን ልጅ ነኝ ትያለሽ?» አሉ በደከመ ድምፅ።

«የአየሁሽ። አባቴ ሞጣ ቀረ ብላኝ ነው ያደግሁት።»

ሽማግሌው እንዲህ አሉ። «በዚያ ዓመት ኩፍኝ የልጅ ዘር ይፈጅ ነበር። ልጄን ላስመጣ ሰው ላክሁ። የሄደው ነጋዴ ተመልሶ የእናትሽን ቃል አደረሰኝ። 'ወይንእሸትን አትጠብቅ፤ ቢቸና ቀርታለች በሉት' አለችኝ። በዚያ ወቅት ቀረች ማለት ሌላ ምን ይሆናል? ራሴን ተላጨሁ። ለቅሶ ልድረስ ብል ደግሞ ተጣልተናል፤ ምን ፊት ይዤ? ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጊዮርጊስ ዝክርሽን አወጣለሁ። ሁለተኛ ሳገባና ሴት ስትወለድ ስምሽ እንዳይጠፋ ለእሷ ሰጠሁት።»

ስማቸው ሰማው ነው፤ ሰሙ እንጂ አላዩም። እናቷ አየሁሽ ናቸው፤ እሳቸው ሁሉንም አይተዋል። አንዲት ቃል ልከው ልጅን ለአባቷ ገደሉ፤ ያችኑ ቃል መልሰው አባትን ለልጅ ገደሉ። አንዲትም ውሸት ግን አልተናገሩም። እሷም ቢቸና ቀርታ ነበር፤ እሳቸውም ሞጣ ቀርተው ነበር። የቅኔ መምህር ልጅ ናቸውና የሚሉትን አያውቁም ነበር የሚለኝ ካለ እኔ አላምንም። ተናድጃለሁ፤ ዛሬም አልበረደልኝም። ወይንእሸት ግን ጉልበቷን አቅፋ «እማዬ፣ እማዬ» ብቻ ትል ነበር። ቁጣ ይሁን ናፍቆት አልለይ አለኝ።

የሞጣዋ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። እጇን ልትነካት ትዘረጋና ትመልሳለች። «ስድብ አይሁንብኝ» አለች፤ «እኔ ስምሽን ለብሼ ነው ያደግሁት። ሰው ወይንእሸት ብሎ ሲጠራኝ፣ እኔን ነው ወይስ እሷን እያልኩ ነው የምዞረው። የዶንግሉን ወር ልከፍል ስሄድ በየወሩ ተከፍሏል ይሉኛል። የሚከፍልልኝ ማን ነው? ሳስበው ሳስበው የስሜ ባለቤት ናት አልኩ። በሰማይ ሆና ታግዘኛለች አልኩ። ብሩን ልበላው ፈራሁ፤ በየወሩ ለብቻ አስቀመጥኩና ዘንድሮ ለዝክርሽ እህል ገዛሁበት። ዳቦው የበዛው ለዚህ ነው።»

የኛዋ ወይንእሸት እጇ ላይ የቀረውን ዳቦ አየችው። በየወሩ ከኪሷ ሲቀነስ የከረመው እዚህ ደርሶ፣ ተጋግሮ፣ ለነፍሷ ይማር ተብሎበት፣ አፏ ውስጥ ገብቷል። ጉንጯ ሥር ይዛው የቆየችውን ቁራሽ ቀስ ብላ አኘከችና ዋጠችው።

«እንግዲያው» አለች፣ «ሙሉ በሙሉ ነው የሚመልሱልኝ። በራሴ ተዝካር ላይ ወጪ አላወጣም።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከልቅሶው ብዙም አይለይም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ተያይዘው ስልክ ቢሮ ሄዱ። መንገዱ ላይ ሰው ከሱቅ እየወጣ ቆሞ አየን፤ ዑሙሰልማም ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ አፏን ያዘች። የሞጣዋ ዶንግሉ የእኔ ነው፣ ከመስከረም ጀምሮ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ ብላ ፈረመች። ኃይለ ሚካኤል በመታወቂያ ቁጥሯ አዲስ ሂሳብ ከፍቶ መስመሩን አዞረላት። የመስከረሙ ውል ከተፈረመበት ጊዜ ጀምሮ ያለው ክፍያ ከወይንእሸት ላይ ተነሥቶ ወደ እህቷ እንዲሄድ ማስተካከያውን ጽፎ ኃላፊውን በስልክ አስፈቀደ። እህቷም ያለ ክርክር ተቀበለች፤ የተጠቀመችበት ነውና። «ከላይ 'ስሕተት' ብዬ ጻፍኩ፤ ግን ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልበል?» አለ ኃይለ ሚካኤል። «በስም ተመሳሳይነት በል» አልኩት። በግንቦት በወጣው ሂሳብ ላይ ከልክ በላይ የከፈለችው ሁሉ ለእሷ ተይዞ መጣ፤ ለብዙ ጊዜ ከእሱ ሲቀነስ ኖረ።

ያን ዕለት ግን ልንሄድ ስንል ሽማግሌው እጇን ይዘው አልለቅም አሉ። ስልክ ቢሮ ምን እንደሆነ ጠየቋት፤ መስመሩ ቆመ ወይ አሏት።

«አልቆመም፤ ወደ ባለቤቱ ዞረ።»

«የእኔስ ዝክር? በየዓመቱ ወለተ ኢየሱስ እያልን የጸለይነውስ? እሱም ይቅር?»

ቄሱ የገባ ጸሎት አይመለስም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ወይንእሸት ቀደመቻቸው።

«አይቅር፣ አባባ። እሱም ወደ ባለቤቱ ይዙር። ወለተ ሐና ይበሉ።»

«ወለተ ሐና ማን ናት?»

«እናቴ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከእሷ ላይ አነሡ። በዚያ ግቢ ያ ስም ተጠርቶ እንደማያውቅ ከሰዉ ፊት አወቅሁ። ውሻው እንኳ ተነሥቶ ቆመ።

«አየሁሽም ቀረች?» አሉ።

«ቀረች፣ አባባ። ቢቸና ቀረች።»

አንገታቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ፤ በአንድ ቃል ሁለተኛ ላለመታለል የሚመረምር ሰው ይመስላሉ። «በሰሙ ነው በወርቁ?» አሉ በመጨረሻ።

«በወርቁ።»

ከመሶቡ ላይ በዳሰሳ ዳቦ ቆረሱና ለቄሱ ዘረጉላቸው።

«ወለተ ሐና በሉ» አሉ።